ሸክላው «ተሻገረ» ሲባል ማን ነው የተሻገረው?

ሩት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሮክ ኤንድ ሮል አጀማመር የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንድ ቃል ግን ያዘኝ። በ1950ዎቹ አሜሪካ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የጥቁር ዘፋኝ ሸክላ የነጮቹ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ «ክሮስኦቨር» አደረገ ይላሉ። «ተሻገረ» ብዬ ጻፍኩት። መልሼ ሳነበው ባሕር የተሻገረ ይመስላል። ከየት ወደ የት እንደሆነ የሚያሳይ ቃል አላችሁ? አብረው የሚመጡ ሁለት ቃላትም አሉ፤ «ካቨር» እና የጥቁሮቹ ሙዚቃ ሸክላዎች ይጠሩበት የነበረው «ሬስ ሪከርድስ»። የመጨረሻውን «የዘር ሸክላዎች» ብሎ መጻፍ ከብዶኛል።

ናሆም፦ ካቨርማ ቀላል ነው፣ ልባስ በዪው። ሸክላው የሚገባበት፣ የዘፋኙ ፎቶ ያለበት ካርቶን ማለት ነው። አባቴ ጋ ያሉት የድሮ ሸክላዎች እስካሁን ከነልባሳቸው ናቸው።

ሩት፦ እሱ ሌላ ነው ናሆሜ። እዚህ ካቨር የሚሉት አንዱ ያወጣውን ዘፈን ሌላው መልሶ ሲዘፍነው ነው።

ቢኒያም፦ ታዲያ «ስርቆት» በዪዋ! ጥቁሩ ያወጣል፣ ነጩ ይቀዳል፣ ገንዘቡ ለነጩ። ፋትስ ዶሚኖን ተመልከቺ። በ1955 «ኤይንት ዛት ኤ ሼም»ን አወጣ። ፓት ቡን ወዲያው መልሶ ዘፈነውና በነጮቹ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ዶሚኖ አንድ ሳንቲም አላገኘም።

ጋሽ መኮንን፦ ቢኒያም፣ ግማሹን ልክ ብለሃል። ቡን አንደኛ መውጣቱ እውነት ነው። ሳንቲም አላገኘም ያልከው ግን አይደለም። ያንን ዘፈን ዶሚኖ ከዴቭ ባርቶሎሚው ጋር ሆኖ ነው የደረሰው። በአሜሪካ ሕግ የቡን ሸክላ በተሸጠ ቁጥር ለደራሲዎቹ ድርሻ ይታሰባል። የተጎዳው ደራሲ ያልሆነው ዘፋኝ ነው። ላቨርን ቤከርን ውሰድ። «ትዊድል ዲ»ን አሳምራ ዘፈነችው፤ ደራሲው ግን ሌላ ሰው ነበር። ጆርጂያ ጊብስ የምትባል ነጭ ዘፋኝ ያንኑ ዜማ ከነሙዚቃ ቅንብሩ አስመስላ አወጣችው። ጊብስ በነጮቹ ማለትም በፖፑ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረሰች፤ ቤከር 14ኛ ላይ ቀረች። ከጊብስ ሸክላ ለቤከር የሚደርሳት ምንም ነገር አልነበረም። ሕጉ ግጥሙንና ዜማውን እንጂ ድምፁንና ቅንብሩን አይጠብቅም ነበርና። ሕጉ እንዲሻሻል ለኮንግረሱ አባል ለቻርልስ ዲግስ ደብዳቤ እስከመጻፍ ደርሳለች። ምንም አልተለወጠላትም።

ስለዚህ «ስርቆት» ብትይው ሩትዬ፣ ፍርዱን ትሰጫለሽ እንጂ ነገሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር አይታይም። ለአንባቢ የሚጠቅመው ይሄ ገንዘቡ የት ጋ እንደሚቆረጥ ማወቁ ነው።

ቢኒያም፦ እሺ ጋሼ፣ የደራሲውን አላወቅሁም ነበር። ግን የቤከርስ? እሱ ስርቆት ካልሆነ ምን ይባላል?

ጋሽ መኮንን፦ በሕግ አልነበረም። በሕሊና ሌላ ነው፤ እሱ ላይ አልከራከርህም።

ሩት፦ «አስመስሎ መዝፈን» ልበለው ይሆን? ለጊዜው ይዤዋለሁ። ወደ «ተሻገረ» እንመለስ። ሰንጠረዦቹ ራሳቸው እንዴት ነው በዘር የተለያዩት? ገዢውን እየጠየቁ ነው እንዴ የሚመዘግቡት?

ጋሽ መኮንን፦ ጥሩ ቦታ ነካሽ። አይጠይቁም። ቢልቦርድ የሚባለው የሙዚቃ ንግድ መጽሔት ሦስት ገበያ ለይቶ ነበር የሚያትመው፤ ፖፕ፣ የገጠር ሙዚቃ፣ እና የጥቁሮች። ሦስተኛው በ1942 ሲጀመር ስሙ ኒው ዮርክ ካለው የጥቁሮች ሰፈር ከሃርለም የተወሰደ ነበር። በ1945 «ሬስ ሪከርድስ» ሆነ። በሰኔ 1949 ደግሞ «ሪትም ኤንድ ብሉዝ» ተባለ፤ ስሙን ያመጣው ያኔ የመጽሔቱ ጋዜጠኛ የነበረው ጄሪ ዌክስለር ነው። ቁጥሩ የሚመጣው ከሸክላ ቤቶች፣ ሳንቲም እየበሉ ከሚያጫውቱት ጁክ ቦክሶች እና ከሬዲዮ አጫዋቾች ነው። ሦስተኛው ሰንጠረዥ በጥቁሮች ሰፈር ያሉትን ይጠይቃል። ፖፑ የቀረውን።

እንግዲህ አስቢው። አንድ ነጭ ልጅ ጥቁሮች ሰፈር ካለ ሱቅ ገብቶ ሸክላ ቢገዛ የሚቆጠረው በጥቁሮቹ ሰንጠረዥ ነው። የተመዘገበው ሱቁ ነው፤ የገዢው መልክ የትም አይጻፍም። ስለዚህ ሸክላ «ተሻገረ» ሲባል ሌላ ሰፈር ያለ ባለሱቅ ያንን ሸክላ አስመጥቶ መሸጥ ጀመረ ማለት ነው። ሰሚው ከዚያ ቀደም ብሎ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። ክሊቭላንድ የሆነውም ይኸው ነው። ሊዮ ሚንትዝ የሚባል ባለሸክላ ቤት ነጭ ወጣቶች የጥቁሮቹን ሸክላ ሲገዙ አየ። አለን ፍሪድ የተባለውን የሬዲዮ ሰው ይህንን ሙዚቃ እንዲያጫውት ገፋፋው። ፍሪድ በ1951 በማታ ፕሮግራሙ ጀመረ። ፖፑ ሰንጠረዥ ላይ ግን ገና እምብዛም አይታይም ነበር።

እትዬ አልማዝ፦ እኔ የቃል ሰው አይደለሁም ልጆቼ፤ ግን ይሄ የራሴን ነገር አስታወሰኝ። ያደግሁት አስመራ ነው። ቃኘው ጦር ሰፈር የነበሩት አሜሪካኖች የራሳቸው ሬዲዮ ነበራቸው፤ እኛም ቤት ይሰማ ነበር። ወንድሜ ዘፈኖቹን በቃሉ ይዞ ትርጉሙን ሳያውቅ ያቀነቅን ነበር። ዘፋኙ ጥቁር ይሁን ነጭ ማናችንም አናውቅም። ፎቶውን ካላየህ በምን ታውቃለህ? አሜሪካ ያሉትስ በምን ለዩት?

ጋሽ መኮንን፦ እትዬ፣ ልክ ቦታው ላይ ነው የነኩት። እዚያም ያው ነበር። ወንበሩ፣ አውቶቡሱ፣ ትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ ሞገዱን ግን ማንም አጥር ሊያጥርለት አልቻለም። ናሽቪል 50,000 ዋት የሚያሰራጭ ደብልዩ ኤል ኤ ሲ የሚባል ጣቢያ ነበር። ማታ ማታ ሞገዱ ርቆ ስለሚሄድ ብዙ ክፍለ ሀገር ያዳርሳል። የጥቁሮቹን ሙዚቃ ያጫውቱ የነበሩት ነጮች ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ጆን ሪችበርግ ነው። አነጋገሩን ሰምተው ጥቁር ነው ብለው የሚያስቡ አድማጮች ነበሩት።

ግራ መጋባቱ በሁለቱም በኩል ነበር። በሐምሌ 1954 ሜምፊስ ላይ የሬዲዮ አጫዋቹ ዱዊ ፊሊፕስ የኤልቪስ ፕሬስሊን የመጀመሪያ ሸክላ ሲያጫውት አድማጩ እየደወለ አጨናነቀው። ልጁን ስቱዲዮ አስጠራውና የትኛው ሁለተኛ ደረጃ እንደተማረ ጠየቀው። «ሂዩምዝ» አለ። ትምህርት ቤቱ የነጮች ነው። በቃ፣ ከተማው ሁሉ ገባው። ቀለሙን ቃል ሳያወጣ ተናገረ።

ሩት፦ ይሄን አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት መጠየቅ እንደ ቀለም መጠየቅ ሲሆን!

ጋሽ መኮንን፦ በተቃራኒው ደግሞ ቻክ ቤሪ አለ። በ1955 «ሜይቤሊን» ከጥቁሮቹ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ ከፖፑ አምስተኛ ሆነ። ቤሪ ራሱ እንዳወጋው፣ ኖክስቪል ላይ ሊዘፍን ተዋውሎ ሲደርስ አዘጋጁ አዳራሹን ከለከለው። በድምፁ ነጭ መስሎት ነበር። ሸክላው ተሻግሯል፤ ሰውየው ግን በር ላይ ቀረ። ሩትዬ፣ «ተሻገረ» ስትይ ማን የሚለውን ካልጻፍሽ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ቢኒያም፦ አዳራሽ ውስጥስ? ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ ጨፈሩ ሲባል ሰምቻለሁ።

ጋሽ መኮንን፦ ደቡቡ ላይ ብዙ ቦታ በአዳራሹ መሃል ገመድ ይወጠራል፤ በአንዱ በኩል ጥቁር፣ በሌላው ነጭ። ወይም አንደኛው ሰገነት ላይ፣ ሌላው ወለሉ ላይ። ሙዚቃው ሲግል ወጣቶቹ ገመዱን ያልፋሉ። ፖሊስ ገብቶ ዝግጅቱን ያስቆመበት ጊዜ አለ። አንድ ሌሊት አብሮ መጨፈር ግን በማግስቱ አብሮ መማር አይደለም። «ሮክ ኤንድ ሮል ልዩነቱን አፈረሰው» የሚሉ ጽሑፎች ይህንን ይዘሉታል፤ እኔ በጣም ያበሳጨኛል። ያ ገመድ የተበጠሰበት አዳራሽ ቦታ የያዙት እኮ በማግስቱ ጠዋት በየአውቶቡሳቸው ኋላና ፊት ነው የተቀመጡት።

ማህሌት፦ ቢኒያም ያነሳውን ልጨርስ። በካቨሩ ጉዳይ ነገሩ ሲለወጥ በአንድ ዓመት ውስጥ ይታያል። የትንሹን ሪቻርድ ሁለት ዘፈኖች ጎን ለጎን አስቀምጡ። «ቱቲ ፍሩቲ» በመስከረም 1955 ኒው ኦርሊንስ ተቀዳ። በፖፑ ሰንጠረዥ 17ኛ ደረሰ፤ ፓት ቡን መልሶ ሲዘፍነው 12ኛ። ቡን በለጠ። በ1956 «ሎንግ ቶል ሳሊ» መጣ። ያንንም ቡን ዘፈነው። አሁን ግን ሪቻርድ ስድስተኛ፣ ቡን ስምንተኛ። የሪቻርድ ሰዎች የዘፈኑን ፍጥነት የጨመሩት ቡን አፉ እንዳይደርስበት ብለው ነው ይባላል። እኔ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ልጆቹ ናቸው የወሰኑት ባይ ነኝ። ሁለቱም ሸክላዎች ገበያው ላይ ነበሩ፤ ዋናውን የሰማ አስመሳዩን አልፈለገም።

ናሆም፦ ትንሹ ሪቻርድ ስትዪ ሊትል ሪቻርድን ነው? ስም ይተረጎማል እንዴ?

ማህሌት፦ ልክ ነህ፣ ሊትል ሪቻርድ ይሁን።

ሩት፦ ስለዚህ እንዲህ ላድርገው። ሸክላው ከሆነ «የነጮቹ ሰንጠረዥ ገባ»። አድማጩ ከሆነ «ተሻገረ»። ሁለት ግስ። የቀረኝ «ሬስ» ነው።

ቢኒያም፦ «የዘር» እንዳትዪ። ዛሬ በአማርኛ «የዘር» ስትዪ አንባቢው ብሔር ነው የሚታየው፣ ጸብ ነው የሚታየው። «የጥቁሮች ሸክላ» በቃ።

ጋሽ መኮንን፦ እኔ አልስማማም። ያኔ በጥቁሮቹ ጋዜጦች «ሬስ» የኩራት ቃል ነበር፤ «የወገን» እንደማለት። ኩባንያዎቹ በ1920ዎቹ ያንን ስም ለሸቀጥ ወሰዱት። «የጥቁሮች» ካልሽ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ኩራቱም፣ መለያው ሳጥንም።

እትዬ አልማዝ፦ «የወገን ሸክላ» ጥሩ ይመስለኛል።

ማህሌት፦ ግን እትዬ፣ መጽሔቱ ሲጽፈው «ወገን» ብሎ አይደለም፤ ገበያ ለመለየት ነው። ነጭ አሳታሚ አፍ ውስጥ «ወገን» አይገባም።

ሩት፦ አሁንማ ሦስት አማራጭ ይዤ ቁጭ አልኩ። በቅንፍ ምንም ላለማስገባት ወስኜ ነበር፤ አንዱን መምረጥ አለብኝ። ለመሆኑ ሰንጠረዦቹ እስከመጨረሻው እንደተለዩ ቀሩ?

ጋሽ መኮንን፦ አይ። በ1956 የኤልቪስ አንዱ ሸክላ በሦስቱም አንደኛ ወጣ። ከዚያ የጥቁሮቹ ሰንጠረዥ በነጭ ዘፋኞች እየተሞላ ሄደ። በኅዳር 1963 መጽሔቱ ሪትም ኤንድ ብሉዙን ማተም አቆመ፤ በጥር 1965 መልሶ ጀመረው።

ቢኒያም፦ ታዲያ ያ ድል ነው ወይስ ጥቁሮቹ የራሳቸውን ሰንጠረዥ ያጡበት ዓመት?

ማህሌት፦ ለኔ ማጣት ነው። ፖፑ ላይ ያልደረሰ ጥቁር ዘፋኝ በዚያ ዓመት የት ይታይ ነበር?

ጋሽ መኮንን፦ ለኔ ሁለቱም ነው። ልጆቹ አንድ ዓይነት ሸክላ እየገዙ ነበር፤ ያ ቀላል ነገር አይደለም። የማህሌት ጥያቄ ግን ልክ ነው። ሩት፣ ከጻፍሽው በኋላ ያንን ክፍል ላኪልን፤ «ሬስ»ን ምን እንዳልሽው ማየት እፈልጋለሁ።