ጄኔሬተሩ 60 ኪሎ ዋት፣ ኪሳራው 45 ሜጋ ዋት ወጣልኝ!

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለነገ የሚገባ አሳይመንት ነው። ጄኔሬተሩ በ500 ቮልት 60 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ትራንስፎርመሩ አይዲያል ነው፤ ፕራይመሪው 200 ዙር፣ ሰከንደሪው 6000 ዙር። የመስመሩ ሪዚስታንስ 5 ኦም። የሰከንደሪውን ቮልቴጅ፣ ሁለቱን ከረንቶችና መስመሩ ላይ የሚባክነውን ፓወር ፈልጉ ይላል። ቮልቴጁ 15,000 መጣልኝ። V²/R ስሠራ ግን ኪሳራው 45 ሜጋ ዋት ሆነ። የት ጋ ነው የሳትኩት?

የጢጣው፦ ቮልቴጁ ልክ ነው። ለኪሳራው ግን I²R ተጠቀም። ፕራይመሪው 60,000/500፣ ማለትም 120 አምፔር ነው። 120² × 5 ስትለው 72 ኪሎ ዋት ይሆናል።

ቦርከና፦ ወንድሜ፣ 72ም እኮ ከ60 ይበልጣል! ቀመሩ ልክ ነው፣ ከረንቱን ነው የሳትከው። 120 አምፔሩ ጄኔሬተሩና ፕራይመሪው መካከል ነው የሚዞረው። መስመሩ የተያያዘው ከሰከንደሪው ጋር ነው። ቮልቴጁ 30 እጥፍ ካደገ ከረንቱ በ30 ይካፈላል፣ 4 አምፔር። 4² × 5 = 80 ዋት። አለቀ።

ጠያቂው፣ V²/R ራሱ ጥፋት የለበትም። የተሳሳተ V ነው የከተትክበት። 15,000ው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ነው። ሽቦው ርዝመት ላይ የሚወድቀው 4 × 5፣ 20 ቮልት ብቻ ነው። 20²/5 ብትል ያው 80 ዋት ይመጣል። ከመስመሩ ማዶ 14,980 ቮልት ይደርሳል ማለት ነው።

እናት፣ ደሴ ፒያሳ፦ ልጆቼ፣ እኔ ትምህርቱ አይገባኝም። ምጣድ ስሰካ አምፖሉ ድክም ይላል። ትራንስፎርመር ልግዛ?

ቦርከና፦ እማማ፣ አይግዙ። የእርስዎም ነገር ያው ነው። ምጣዱ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ቮልቱ ሽቦው ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ኤሌክትሪሻን ይጥሩና የምጣዱን ሽቦ ውፍረትና መጋጠሚያዎቹን ይይልዎት። ሶኬቱ የሚሞቅ ከሆነ ግን ዛሬውኑ መጋገሩን ያቁሙ።

የጢጣው፦ እሺ ተሸነፍኩ። የኔ 72 ኪሎ ዋት ታዲያ ትራንስፎርመር ባይኖር የሚባክነው ነው?

ቦርከና፦ እሱም አይሆንም። ያለ ትራንስፎርመር የመስመሩን ጫፍ ሾርት ብታደርገው እንኳ 500/5፣ 100 አምፔር ነው የሚያልፈው። 120 ከየት ይመጣል? 60 ኪሎ ዋቱ በዚያ ሽቦ በ500 ቮልት ጭራሽ አይሄድም።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! አንድ ነገር ብቻ፣ 5 ኦሙ የመሄጃና የመመለሻው ድምር ነው ወይስ የአንዱ?

ቦርከና፦ ወረቀቱ ካልለየው እኔም አላውቅም። የአንዱ ከሆነ 10 ኦም ይሆንና 160 ዋት ይባክናል።

የጢጣው፦ እኛ ሁሌም እንደ ድምር ነበር የምንወስደው።

ቦርከና፦ እናንተ 120 አምፔርም ወስዳችኋል 😄 የትኛውን እንደወሰድክ መልሱ ላይ ጻፍ።