ጣዕሙ ያልተለወጠውን ለውዝ ማመን ይቻላል?

ከአራት ወር በፊት 3 ኪሎ የተፈለፈለ ጥሬ ለውዝ ገዝቼ ግማሹን በጥብቅ በሚዘጋ ጣሳ ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ ሳስቀምጥ፣ የቀረውን ግን ከመጣበት ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ሳላወጣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ሥር ተውኩት። አሁን የላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ቅባት ለብሷል፤ ፍሬውም ለሁለት ሲከፈል ውስጡ ወደ ቢጫነት ያደላ ሲሆን፣ ሽታው የቤት ቀለም ያስታውሳል፣ ሲዋጥም ጉሮሮን የሚቧጥጥ ምሬት ይተዋል። ብቆላው ሽታው ለጥቂት ሰዓት ከመሸፈኑ በቀር ምሬቱ አልለቀቀም፤ ስለዚህ ስቡ በአየርና በብርሃን እንደተበላሸ ተረድቼ፣ መቅመሴ ብዙም ባያሳስበኝም፣ ሁሉንም ጣልኩት።

ያስቸገረኝ የጣሳው ነው። ሽታውም ጣዕሙም ደህና ነው፤ ነገር ግን አንድ እፍኝ ዘርግቼ ስለቅም አራት አምስት የተጨማደዱና የጠቆሩ ፍሬዎች አገኘሁ፣ አረንጓዴ ብናኝ ግን አላየሁም። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን እንደሚጎዳ፣ በምላስ እንደማይለይና ቤት ውስጥ በመቁላት እንደማይወገድ አውቃለሁ። ታዲያ የጠቆሩትን አንድ በአንድ ለቅሜ ብጥል ቀሪውን ለልጆቼ ቆልቼ መስጠት እችላለሁ፣ ወይስ ጣሳው እንዳለ መጣል አለበት?