ለውርርድ ቋሚ በጀት መመደብ ኪራይንና ለቤተሰብ የሚላከውን ገንዘብ ያድናልን?

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም)፦ «ደመወዜ 9,000 ብር ነው። የኳስ ውርርድ እጫወታለሁ፤ ለጊዜው ለመተው አላሰብኩም። በወር 400 ብር ብቻ ለይቼ ብይዝ የቤት ኪራዬን፣ አስቤዛዬንና ለእናቴ የምልከውን ሳልነካ መኖር እችላለሁን? ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው?»

የሒሳብ ሠራተኛ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ወንድሜ፣ 400 ብሩ ከየት እንደሚወጣ አስቀድመን እንይ። ኪራይ 3,500፣ አስቤዛ 3,000፣ ትራንስፖርት 900፣ ለእናትዎ 1,000 ብር ብንል የሚተርፈው 600 ብር ነው፤ ሕመም ቢያጋጥምዎ፣ ጫማዎ ቢቀደድ ወይም የእድር መዋጮ ቢጠየቁ የሚያወጡትም ከዚሁ ነው። ስለዚህ እኔ ከ200 ብር በላይ አልመድብም። ከመጠኑ በላይ ግን ቅደም ተከተሉ ይወስናል፦ ደመወዝ በገባበት ዕለት ኪራዩ ለአከራይ፣ የእናትዎም ድርሻ ለእናትዎ ይድረስ፤ የውርርዱ ገንዘብ የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም በአንድ ቴሌብር ውስጥ ከተቀመጠ ቅዳሜ ማታ ስልክዎ የሚያሳይዎ 4,700 ብር የሚል አንድ ቁጥር ነው፤ ከውስጡ 3,500ው የአከራይ መሆኑን አይነግርዎትም።

ወጣት ተወራራጅ (ጀሞ)፦ በመለየቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን 200 ብር በጣም ትንሽ ነው። እኔ ያሸነፍኩትን መልሼ ስለምጫወትበት ከደመወዜ አንድ ብር አይነካም፤ በጀቱም አይጣስም። ደግሞም አነስተኛ ኦድ፣ ማለትም አነስተኛ የክፍያ እጥፍ፣ ያላቸውን አሥር ጨዋታዎች በአንድ ትኬት መቁረጥ አንዱን በብዙ ብር ከመወራረድ ይሻላል።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ ከደመወዝዎ እንደማይወጣ የተናገሩት ልክ ነው፤ በጀቱ ግን የሚጣሰው እዚያው ላይ ነው። በ200 ብር 1,500 አሸንፈው ሁሉንም ቢመልሱት የወሩ ገደብዎ 1,500 ሆኗል ማለት ነው፤ እሱን ሲያጡም እንደ ራስዎ ገንዘብ ስለሚቆጭዎ ለማስመለስ ይሮጣሉ። ያሸነፉት እንደ ማንኛውም ገቢ ወደ ኪራይና ወደ አስቤዛ ይግባ፤ የሚቀጥለው ወር ገደብም 200 ሆኖ ይቆይ።

አሥር ጨዋታ ስለመደራረብ ያሉትን ግን አልቀበለውም። ሁለት እኩል ዕድል ያላቸው ውጤቶች ቢኖሩ ትክክለኛው ኦድ 2 ነው፤ አወራራጁ ትርፉን ቆርጦ 1.88 ይሰጣል እንበል። በአንድ ጨዋታ ልዩነቱ አይታይም። እንዲህ ያሉ አሥር ጨዋታዎች በአንድ ትኬት ሲባዙ ግን ትክክለኛው ክፍያ 1,024 እጥፍ መሆን ሲገባው የሚሰጠው 551 እጥፍ ያህል ነው፤ ግማሽ ያህሉ በመንገድ ላይ ቀርቷል። አነስተኛ ኦድ ቢመርጡም ቆረጣው በየጨዋታው አለ። ስለዚህ ይህ 200 ብር የሚመለስ ካፒታል ሳይሆን ለመዝናኛ የወጣ ወጪ ሆኖ ይመዝገብ።

እናት (ገላን)፦ ልጆቼ፣ ለልጅ የኪስ ገንዘብ ስለመስጠት የምትነጋገሩ መስሎኝ ነበር፤ ቢሆንም የምለው አለኝ። ልጄ በወሩ መጨረሻ 1,500 ብር ይልክልኝ ነበር። መጀመሪያ ቀኑ ገፋ፤ ቀጥሎ «ግማሹን ያዢ፣ ቀሪው ሰኞ ይደርስሻል» ማለት ጀመረ፤ ሰኞም ደመወዝ ዘግይቷል አለኝ። አብሮት የሚሠራው የጎረቤቴ ልጅ ግን በወቅቱ ተቀብሎ ነበር። በየሰፈሩ የተከፈቱት ቤቲንግ ቤቶች ቢዘጉ እመርጣለሁ።

መምህር (ሰበታ)፦ የእማማ ነገር የጥያቄው ዋና መፈተኛ ነው፤ ለቤተሰብ የሚላከው ቀን መግፋት ሲጀምር ገደቡ ከተጣሰ ቆይቷል። የሒሳብ ባለሙያዋ ሥርዓት ገደቡ ላይ ሲደርስ ማቆም ለሚችል ሰው ይሠራል። ገንዘቡ ባለቀበት ዕለት እንደገና የሚሞላ፣ ከሱቅ በዱቤ አስቤዛ እየወሰደ የሚወራረድ፣ ወይም ያጣውን ከሚስቱ የሚደብቅ ሰው ግን «በጀት አለኝ» ማለቱ መሸሸጊያ ይሆነዋል። እንዲህ ላለው ሰው ፈጽሞ ማቆምና የአእምሮ ሐኪም ማማከር እንጂ 200 ብር መመደብ መፍትሔ አይመስለኝም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር አንድ ጊዜ ጨምሬ ሞልቻለሁ፤ ከማን ወገን እንደሆንኩ ገና አልለየሁም። አከራዬ ደግሞ ኪራይ የምትቀበለው በወሩ በ5 ነው፤ ደመወዜ ግን የሚገባው በ28 ነው። በመካከሉ ያለውን ሳምንት ምን ላድርገው?

የሒሳብ ሠራተኛ፦ ኪራዩን በሞባይል ባንኪንግ ባልተገናኘ ሌላ የባንክ ሒሳብ ያስቀምጡት፤ ለማውጣት ቅርንጫፍ ድረስ መሄድ ግድ ይሁንብዎ። ወይም አከራይዋ በ28 እንዲቀበሉዎ ይጠይቋቸው፤ ቀድሞ የሚከፍል ተከራይን የሚመልሱ አይመስለኝም።

መምህር፦ ይህን እደግፋለሁ። አንድ ጊዜም ቢሆን ጨምሮ ለሞላ ሰው 200 ብር መፍቀዱን ግን አሁንም እቃወማለሁ።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ እኔ ደግሞ ለመተው ያላሰበን ሰው ያለ ምንም ገደብ ከመተው ሁለት ወር በዚህ ሥርዓት ቢሞክረው እላለሁ፤ በሁለቱ ወር አንዴ እንኳ ከጨመረ የመምህሩን ቃል ይያዝ።