«ጤፍ በዶላር አይዘራም»፦ የኑሮ ውድነት ክርክር ከፒያሳ እስከ መርካቶ

አራዳዋ፦ የዋጋ ንረት በ2017 ወደ 14 በመቶ ወረደ የሚለውን ዜና ሰምቼ ገበያ ወጣሁ። ጤፉም፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም አንዱ እንኳ አልወረደም። ታዲያ የወረደው ምንድን ነው? ዕቃ በየዓመቱ የሚወደደውስ ለምንድን ነው? እኔ እንደሚገባኝ ምክንያቱ የነጋዴና የደላላ ስግብግብነት ነው። ሌላ የሚል ካለ ይንገረኝ።

የባንክ ጡረተኛ፦ እህቴ፣ የወረደው ዋጋው ሳይሆን የሚወጣበት ፍጥነት ነው። በ2016 በ100 ብር የሸመትሽው በ2017 114 ብር ገባ ማለት ነው። በ2014 ፍጥነቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ያን ጊዜ የተጨመረው አልተመለሰም፤ የ2017ቱ በዚያው ላይ ነው የተደረበው። ዜናውም አልዋሸም፣ አንቺም አልተሳሳትሽም።

ስግብግብነት ያልሽውን ግን አልቀበልም። በ2000 ዓ.ም. ክረምት የዋጋ ንረቱ ከ60 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በ2002 በጀት ዓመት አማካዩ ወደ 3 በመቶ ግድም ወረደ። በ2003 ክረምት ተመልሶ 40 በመቶ ነካ። ነጋዴው ያው ነጋዴ፣ ደላላውም ያው ደላላ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ስግብግብነቱ ጠፍቶ ተመለሰ ልትዪኝ ነው?

ዘሪሁን ዘአራት ኪሎ፦ ጋሼ ትክክል ናቸው። ነገሩ ሁሉ ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ዛሬ ከ130 በላይ ነው። ዶላር ከእጥፍ በላይ ሲሆን ዕቃም ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አራዳዋ፦ ዘሪሁን፣ ጤፍ በዶላር አይዘራም። ሽሮም በዶላር አይፈጭም። የአዳ ገበሬ ባንክ ቤት ሄዶ ዶላር ሲመነዝር አይተህ ታውቃለህ? የዘይቱን ተወው፣ የጤፉን አስረዳኝ።

ዘሪሁን ዘአራት ኪሎ፦ ማዳበሪያው ከውጭ ነው የሚመጣው። ጤፉን የሚጭነው መኪና ናፍጣ ይጠጣል፤ ናፍጣውም፣ ጎማውም፣ መለዋወጫውም በዶላር ነው።

አራዳዋ፦ አንድ ኩንታል ላይ ስንት ብር ናፍጣ አለ? ስንት ብር ማዳበሪያ አለ? ደምረህ አምጣልኝና የቀረውን ማን እንደበላው እኔ እነግርሃለሁ።

የባንክ ጡረተኛ፦ ዘሪሁን፣ ከእኔ ጋር መሆንህ ደስ ቢለኝም «እጥፍ ዶላር፣ እጥፍ ዕቃ» ያልከው አይሠራም። ዘይትን ውሰድ። ለስሌት ያህል ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን እዚህ እስኪደርስ 6 ዶላር ይፈጃል እንበል። በ57 ብር ሒሳብ 342 ብር ይሆናል። ግን ከሐምሌ 2016 በፊት በዚያ ሒሳብ ዘይት የገዛ ሰው አለ? አስመጪው በባንክ ተራ ይዞ ወራት ይጠብቅ ነበር። መጠበቅ ያልቻለው ዶላሩን ከጥቁር ገበያ በ115 ብር ግድም ፈልጎ ያገኛል፤ ያን ጊዜ 690 ብር ይመጣል። ዘይት በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም አስመጪው ከባንክ ሳይጠይቅ በራሱ ዶላር እንዲገባ ሲፈቀድም ዶላሩ የሚገኘው ከዚያው ከጓሮ ነበር። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የነበረው ዋጋ ቀድሞውኑ የጥቁር ገበያው ዋጋ ነበር። ባንኩ 57 ሲል መደርደሪያው 115 ይል ነበር።

ለዚህ ነው ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ዘይት ከእጥፍ በላይ ያልሆነው። በኋላ ዋጋቸው የወጣው በመንግሥት ዶላር ይገቡ የነበሩት ናቸው፤ ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያ። የእነሱ ዋጋ በአንድ ቀን ሳይሆን በየጊዜው እየተከለሰ ነው ወደ ላይ የሄደው። ዓመቱን ሙሉ ዕቃ ሲወደድ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ባለ ሱቅ ከመርካቶ፦ ስለ ነጋዴ ሁሉም ያወራል፤ ነጋዴ ግን አይጠየቅም። አንድ ካርቶን ሳሙና በ1,000 ብር አመጣሁ እንበል። በ1,100 ሸጥኩ። ሰው 100 ብር አተረፈ ይላል። በሳምንቱ አከፋፋዩ ጋ ስሄድ ያው ካርቶን 1,150 ሆኗል። መደርደሪያዬን እንደነበረ ለመሙላት 50 ብር ከኪሴ እጨምራለሁ። አትርፌያለሁ ወይስ ከስሬያለሁ? ስለዚህ የምሸጠው በገዛሁበት ሳይሆን ነገ በምገዛበት ዋጋ ነው። ይህን የማያደርግ ሱቅ በዓመቱ ባዶ መደርደሪያ ይዞ ይቀመጣል።

አራዳዋ፦ ወንድሜ፣ ራስህ መሰከርክ። ነገ ይጨምራል ብለህ ዛሬ ትጨምራለህ። ብር በተለቀቀ ሳምንት በድሮው ዋጋ የገባ ዘይት ከየመጋዘኑ ጠፋ። በዚያ ሳምንት ሱቆች ሲታሸጉ አላየንም? ያ ዘይት ዶላር ሲወጣ መጋዘን ውስጥ ነበር። አንድም ሳንቲም አልተጨመረበትም።

የባንክ ጡረተኛ፦ ይህ እውነት ነው፣ ልክደው አልፈልግም። ዕቃ ይደበቃል፣ ነጋዴዎችም ተጠራርተው ዋጋ ይቆርጣሉ። ግን የሚደበቀው መቼ እንደሆነ ልብ በይ። ብሩ ነገ እንደሚቀልል ሁሉም ሰው ሲያውቅ ነው። የደበቀው ነጋዴ የነገውን ዋጋ ዛሬ አመጣው እንጂ አልፈጠረውም። ነገ ዋጋ የማይጨምር ቢሆን ኖሮ የደበቀው ሰው የታሰረ ገንዘቡን እያየ ይከስር ነበር።

አራዳዋ፦ «የነገውን ዛሬ አመጣው እንጂ አልፈጠረውም»! ጋሼ፣ እኔ የምበላው ዛሬ ነው። ከዛሬ እስከ ነገ ያለውን ልዩነት ማን ኪስ ከተተው?

የባንክ ጡረተኛ፦ ነጋዴው ከተተው። ማን ኪስ ገባ ለሚለው መልስሽ ልክ ነው። እኔ የምመልሰው ለምን በየዓመቱ ይጨምራል ለሚለው ነው። ሁለቱ አንድ ጥያቄ አይደሉም።

መምህርት ነኝ፦ ይቅርታ፣ በመሐል ልግባ። የደመወዝ ጭማሪስ ለምን አይበቃም? የእኔ የቤት አከራይ ጭማሪው በዜና በተነገረ ሳምንት ኪራዩን ጨመረ። ደመወዙ ገና እጄ አልገባም ነበር። ለመንግሥት ሠራተኛ ተጨመረ የሚለውን ዜና ባይናገሩት ይሻለን ነበር።

ባለ ሱቅ ከመርካቶ፦ እህቴ፣ ለእኔ ግን ማንም ደመወዝ ጨምሮልኝ አያውቅም፤ የሱቅ ኪራይ ግን ይጨመርብኛል።

የፒያሳ ልጅ፦ የሁሉም ነገር መጀመሪያ አትክልት ተራ ከፒያሳ መነሣቱ ነው። በ2012 ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ወሰዱት። እናቴ ሽንኩርት በእግሯ ሄዳ ትገዛ ነበር። ዛሬ በመሐል ስንት እጅ እንዳለ እግዚአብሔር ይወቀው። ፒያሳም ፈረሰ፣ ካዛንቺስም ፈረሰ፣ ጉልቱም አብሮ ሄደ።

ባለ ሱቅ ከመርካቶ፦ አትክልት ተራ ፒያሳ እያለም ጭቃው ውስጥ ግማሹ ይበሰብስ ነበር። የበሰበሰውን የሚከፍለው ገዢው ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ በጭቃው ውስጥ ተወልጄ አድጌያለሁ። ሽንኩርቱ ርካሽ ነበር።

የባንክ ጡረተኛ፦ የፒያሳው ልጅ፣ የጉልቱ መነሣት ኑሮ እንዳከበደ አውቃለሁ፤ እኔም የሰፈሩ ሰው ነኝ። ግን ሽንኩርትና ቲማቲም ለዚህ ክርክር መጥፎ ምስክር ናቸው። ክረምት ሲገባ ይወጣሉ፣ ምርት ሲደርስ ይወርዳሉ። ወጥቶ የሚመለስን ዋጋ ዝናብና መንገድ ያስረዱታል። እኛ የምንፈልገው ወጥቶ የማይመለሰውን ነው። ሳሙናው፣ ኪራዩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ታክሲው፣ ጤፉ በአንድ ላይ ወደ ላይ ሲሄዱ ችግሩ በአንድ ዕቃ ላይ አይደለም፤ መለኪያው ራሱ፣ ብሩ ነው የቀለለው።

ብር የሚቀልለው ደግሞ ዕቃው ሳይበዛ ብሩ ሲበዛ ነው። መንግሥት በጀቱ ሲጎድልበት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ነበር። ማተሚያ ቤት አያስፈልገውም፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ገንዘቡ ለሥራ ተቋራጭና ለደመወዝ ይወጣል፣ ከዚያ ገበያ ይገባል። በዚያው ዓመት የጤፉና የሳሙናው ብዛት በዚያ ልክ አላደገም። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንኩ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ሲጥል፣ ለመንግሥት የሚሰጠውንም ሲቀንስ፣ ችግሩ የት እንዳለ ራሱ ማመኑ ነበር። ፍጥነቱ በደንብ የወረደውም ከዚያ በኋላ ነው።

አራዳዋ፦ እሺ፣ ብሩ በዛ እንበል። ታዲያ ብዙው ብር የት ሄደ? የእኔ ቦርሳ ውስጥ የለም። የመምህርቷም ቦርሳ ውስጥ የለም።

የባንክ ጡረተኛ፦ መጀመሪያ የሚደርሰው ከላይ ላለው ነው፤ ለተበዳሪው፣ ለሥራ ተቋራጩ፣ ለአስመጪው። እነሱ በድሮው ዋጋ ይገዛሉ። መምህርቷ ጋ ሲደርስ ዋጋው ቀድሟት ሄዷል። አከራዩዋ ያደረገውም ይኸው ነው።

አራዳዋ፦ ይህንን ይዤልዎታለሁ። ከላይ ያለው ገዝቶ ይከዝናል፣ እኔ ከእሱ እገዛለሁ። እርስዎ ብር ይሉታል፣ እኔ ሰው እለዋለሁ። ጤፍ ግን አሁንም በዶላር አይዘራም።

ዘሪሁን ዘአራት ኪሎ፦ አሁንም ጤፍ!

አራዳዋ፦ አሁንም ጤፍ። ከተማው የሚኖረው በእሱ ነው።

የባንክ ጡረተኛ፦ ገበሬው ጤፉን ሽጦ ምን ይገዛል? ዘይት፣ ጨርቅ፣ ቆርቆሮ፣ ማዳበሪያ። እነዚህ ሲወደዱ በድሮው ዋጋ ጤፍ ቢሰጥሽ ልጆቹን ይበድላል። ናፍጣው ትንሽ ነው ብትዪ እስማማለሁ። ግን ዋጋ የሚሠራው በወጪ ብቻ አይደለም፤ ሻጩ በምትሰጪው ብር ምን እንደሚገዛበትም ያስባል።

ባለ ሱቅ ከመርካቶ፦ በጎጃም መንገድ የሚያመላልስ ዘመድ አለኝ። ኬላው፣ የመንገዱ መዘጋት፣ በየቦታው የሚጠየቀው ገንዘብ፣ መኪናው ቆሞ የሚውልበት ቀን። ይህን ደግሞ ብሔራዊ ባንክ አያስተካክለውም። ስለዚህ ጋሼም ሁሉንም በብር አይጨርሱት።

ዘሪሁን ዘአራት ኪሎ፦ መፍትሔው ታዲያ ዋጋ መተመን ነው? በጥር 2003 ተሞክሯል። ዘይትና ስኳር ላይ ጣሪያ ተጣለ፣ ዕቃው ከሱቅ ጠፋ፣ ሰልፍ ሆነ፣ በወራት ውስጥ ከብዙዎቹ ዕቃዎች ላይ ተነሣ። የዚያ ክረምት ነው 40 በመቶ የደረሰው።

አራዳዋ፦ ጣሪያ ጣሉ አላልኩም። መጋዘኑን ቁጠሩ ነው የምለው። ማን ስንት እንዳስገባ ጉምሩክ ያውቃል፣ ማን ስንት እንደሸጠ ደረሰኙ ያውቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን ይቁጠሩት።

ባለ ሱቅ ከመርካቶ፦ ደረሰኝ ስትጠይቂ ግማሹ ሰው ያለ ደረሰኝ ቀንስልኝ ይላል። ገዢውም እኮ አለበት።

አራዳዋ፦ ደረሰኙን ወደ እኔ አታዙርብኝ።

የባንክ ጡረተኛ፦ መጋዘን ቁጠሩ የሚለውን እደግፋለሁ። ተቆጥሮ የተገኘው ሁሉ ቢሸጥ ግን የሚመጣው ዓመት ጭማሪ ይቆማል ብዬ አላምንም። የመብራት ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፣ ነዳጁም ገና እየተከለሰ ነው።

መምህርት ነኝ፦ ጋሼ፣ ቤት ኪራዩስ? በኪራዩ ውስጥ የትኛው ዶላር፣ የትኛው ናፍጣ ነው ያለው? የአከራዬ ቤት የጭቃ ቤት ነው፤ ከተሠራ ብዙ ዓመቱ ነው።

አራዳዋ፦ ይህንን ይመልሱልን።