ጥቆማ፦ በእጅ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ከፎቶ ወደ ጽሑፍ ለመቀየር አፕ ይሻላል ወይስ ታይፕ ቤት?

የእድር ጸሐፊ፣ ቱሉ ዲምቱ

ጥቆማ ፈልጌ ነው። የእድራችንን ቃለ ጉባኤ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ጀምሬያለሁ። መዝገቡ ያ ትልቁ ባለ ጠንካራ ሽፋን፣ ሰማያዊ መስመር ያለው ነው፤ በየጊዜው የተመረጡ ጸሐፊዎች በእስክሪብቶ የሞሉት። ከወረዳ የመጣ የታተመ ደብዳቤ በስልኬ አንስቼ ጉግል ድራይቭ ላይ ጫንኩና በጉግል ዶክስ ስከፍተው ከጥቂት ፊደል በቀር ልክ ሆኖ ወጣልኝ። የመዝገቡን ገጽ በዚያው መንገድ ስሞክር ግን ግማሹ አይነበብም፣ የሚነበበው ደግሞ ያሳስታል። ለምሳሌ «ሸራ ሊገዛ ቢታሰብም ገንዘቡ አልበቃም» የሚለው «ሰራ ለገዛ በታሰብም ገንዘቡ አልበቃም» ሆኖ ወጣ። የአባል ስም ላይ እንዲህ ከሆነ ነገ ሰው ያጣላል።

ለእጅ ጽሑፍ የሚሆን የተሻለ አፕ የምታውቁ፣ ወይም በአቃቂና በኮዬ ፈጬ በኩል የእጅ ጽሑፍ ተጠንቅቆ የሚተይብ ቤት የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።

ኮዬ ኮንዶሚኒየም

ወንድሜ ችግሩ ካሜራው ነው። ፎቶ ነገር አይሆንም፣ ስካነር ያለው ፎቶኮፒ ቤት ውሰደው። እኔ የትምህርት ማስረጃዬን ስካን አስደርጌ ቁልጭ ብሎ ነው የወጣው። ጥሩ ስካን ካለህ የትኛውም አፕ ያነበዋል።

አያት ሕትመት

ግማሹ ልክ ነው። ግን ልብ በሉ፣ የወረዳው ደብዳቤም የተነሳው በዚያው ስልክ ነው። ካሜራው ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱም ይበላሽ ነበር። ስካነር ጥላውንና የወረቀቱን ጥምዝ ያስተካክላል፣ የእጅ ጽሑፉን ግን የታተመ አያደርገውም።

የታተመውን የሚያነበው ፕሮግራም ብዙ ስላየ ነው የሚጎብዘው። የኮምፒውተር ፊደል አንዴ ከተሠራ «ለ» ሁልጊዜ ያው «ለ» ናት። ፕሮግራሙን የሚያሠለጥኑት ሰዎች የፈለጉትን ያህል የአማርኛ ጽሑፍ በተለያየ ፎንት ራሳቸው አትመው፣ ትንሽ አደብዝዘው፣ መልሱን ይዘው ይሰጡታል። የእጅ ጽሑፍ ግን እንዲህ አይመረትም። ሰው መጻፍ አለበት፣ ሌላ ሰው ደግሞ መስመር በመስመር መተየብ አለበት። በግዕዝ ፊደል በእጅ ከተጻፈ ተሰብስቦ ለጥናት የወጣ ወደ 80,000 የሚጠጋ የጽሑፍ መስመር ምስል አለ፣ እሱ ግን የድሮ ብራና ነው። የብራና ጸሐፊ እያንዳንዷን ፊደል ለይቶ፣ በቀለም፣ በእርጋታ ነው የሚጽፈው። ስብሰባ ላይ ሰው እየተናገረ እስክሪብቶ የሚያሯሩጥ የእድር ጸሐፊ ከዚያ በጣም ይርቃል።

አሁን የላክኸውን ስህተት እንየው፣ ብዙ የሚነግረን ነገር አለው። «ሸ» «ሰ» ሆነ። «ሊ» «ለ» ሆነ። «ቢ» «በ» ሆነ። የቀረው ልክ ነው። በዘፈቀደ የተሳሳተ አይደለም ማለት ነው፣ የጠፋው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ አግድም ጭረት። ሸ ከሰ የሚለየው አናቱ ላይ ባለው ሰረዝ ነው። ሊ ከለ፣ ቢ ከበ የሚለዩት ቀኝ እግራቸው ስር ባለች አጭር ጭረት ነው። መዝገቡ ደግሞ መስመር አለው። ጸሐፊው ፊደሉን መስመሩ ላይ ሲያስቀምጥ የሊ እግር ጭረት በትክክል ሰማያዊው መስመር ላይ ታርፋለች፣ ክፍተቱን ሞልቶ ከጻፈ ደግሞ የሸ ሰረዝ ከላይኛው መስመር ጋር ይገጥማል። ፕሮግራሙ መስመሩን እንደ መስመር አይቶ ሲተወው ጭረቷንም አብሮ ይተዋታል። የሉ ጭረት ግን እግሩ መሐል ላይ ስለሆነች ትተርፋለች። ጽሑፉን ፈትሽ፣ ካዕቦቹ ከሳልሶቹ በተሻለ ወጥተው ታገኛቸዋለህ ብዬ እገምታለሁ።

ከዚህ የባሰው ነገር የወጣው ስህተት ቃል መሆኑ ነው። «ሰራ» ቃል ነው፣ «ለገዛ»ም ቃል ነው። የፊደል ማረሚያ አይይዘውም፣ ዓይንም ያልፈዋል።

ቡራዩ መምህር

እኔም የተማሪዎቼን ኖት እንዲህ ሞክሬያለሁ፣ በአፋን ኦሮሞ። በጉግል ሌንስ ከጠበቅሁት በላይ ነው ያነበበው። ተደርበው የሚጻፉትን አናባቢዎች አንዳንዴ አንዱን ይውጣል እንጂ ቀሪው ደህና ነው። ጉግል ሌንስን ሞክር።

አያት ሕትመት

መምህር፣ የእርስዎ በላቲን ፊደል ነው። የላቲን የእጅ ጽሑፍ በብዙ ቋንቋ ስለተሰበሰበ ፊደሉን ከሌላ ቋንቋ ተምሮታል። ለአማርኛ እጅ ጽሑፍ በዚያው ልክ አትጠብቁ። ይሞከር፣ ግን የሱን ውጤት ለዚህ መለኪያ አናድርገው።

የእድር ጸሐፊ፣ ቱሉ ዲምቱ

በጣም አመሰግናለሁ፣ እውነትም ሉና ቡ ደህና ናቸው። ታዲያ መስመሩን እንዴት ነው የማጠፋው? ፎቶዎቹን ደግሞ የቀድሞው ጸሐፊ ነው በቴሌግራም የላከልኝ፣ ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ አንስቶ።

አያት ሕትመት

እሱን ቀድመህ ብትነግረን ጥሩ ነበር። መጀመሪያ ፎቶውን እንደገና አንሳ።

ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልከው ያሳንሰዋል፣ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ነው የሚሆነው። የተከፈተ መዝገብ ሁለቱም ገጽ ኤ4 ከሆነ ወርዱ 42 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአንድ ሚሊ ሜትር የሚደርሰው 3 ፒክስል ብቻ ነው። የሊ ጭረት አንድ ሚሊ ሜትር ብትሆን በ3 ነጥብ ነው የተሳለችው፣ እሷም ደብዝዛ። አንድ ገጽ ብቻ፣ ፍሬሙን ሞልተህ፣ በ12 ሜጋፒክስል ስልክ ብታነሳ ረጅሙ ጎን 4000 ፒክስል አካባቢ ስለሆነ ለአንድ ሚሊ ሜትር 13 ይደርሳል። ስትልክም «ፋይል» ብለህ ላክ እንጂ ፎቶ ብለህ አትላክ። ኮዬ ልክ የሆነው እዚህ ላይ ነው፣ ጥራቱ ያለ ጥርጥር ይጠቅማል።

ስታነሳ ፍላሽ አጥፋ። በረንዳ ላይ ጥላ ስር፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ ይሁን። የመዝገቡ መሐል ስለሚጎብጥ ገጹን በንጹሕ መስታወት ተጫነው። የጀርባው ጽሑፍ ወደዚህ የሚታይ ከሆነ ከገጹ ስር ጥቁር ወረቀት አስገባ፣ ይጠፋል።

ቀጥሎ መስመሩ። ስካነር አፖች ላይ ያለውን ጥቁርና ነጭ የሚያደርገውን ማጣሪያ አትንካ። ለዓይን ያምራል፣ ግን ቀጫጭኑን ጭረት የሚበላው እሱ ነው። ይልቅ ቀለሙን ተጠቀምበት። ጽሑፉ በጥቁር እስክሪብቶ ከሆነ፣ ስናፕሲድ የሚባለው ነፃ አፕ ውስጥ `Black & White` ግባና ከቀለም ማጣሪያዎቹ `Blue`ን ምረጥ። ሰማያዊው መስመር ወደ ነጭ ይሄዳል፣ ጥቁሩ ቀለም ባለበት ይቀራል፣ የሊ ጭረትም ከመስመሩ ተነጥላ ብቻዋን ትታያለች። ገጹ ብዙ ከሆነና ኮምፒውተር ካለህ ኢሜጅማጂክ በሚባለው ፕሮግራም ይኸው ነው፦

```
magick gets.jpg -channel B -separate gets-b.png
```

ከዚያ እንደ በፊቱ ድራይቭ ላይ ጫንና በቀኝ ክሊክ `Open with`፣ `Google Docs`። ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ነው የሚመከረው።

ካራ ተያቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ታይፕ ቤት ነው የምሠራው፣ የእጅ ጽሑፍ በየቀኑ ይመጣልኛል። ወንድሜ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈውንስ ምን ሊያደርግ ነው? አብዛኛው መዝገብ በሰማያዊ ነው የሚጻፈው፣ ያ ማጣሪያ ጽሑፉንም አብሮ ያጠፋዋል።

እኔ የምመክረው ቃለ ጉባኤ ለሰው ይሰጥ ነው። እኔ «ሸራ»ን የማነበው ጭረቷን አይቼ አይደለም፣ እድር ሸራ እንደሚገዛ ስለማውቅ ነው። «ወ/ሮ» ሲመጣ፣ ጸሐፊው ለራሱ ያሳጠረው ሲመጣ፣ ደውዬ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፍ ክፍያው ከታተመ ይበልጣል፣ ፊደሉ ከተጨናነቀ ደግሞ ይጨምራል። የትም ብትሄድ ግን ሁለት ነገር አስቀድመህ ተስማማ። አንደኛ፣ ያልተነበበ ቦታ በግምት እንዳይሞላ፣ በቀይ ምልክት ተደርጎበት ይውጣ። ሁለተኛ፣ በዩኒኮድ ይጻፍልህ። አንዳንድ ቤት አሁንም በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ይተይባል፣ ወረቀት ላይ ያምራል፣ ስልክህ ላይ ስትከፍተው ግን የማይገባ ምልክት ብቻ ነው የምታየው። ፋይሉን እዚያው ቆመህ በስልክህ ክፈተው።

አያት ሕትመት

እህቴ ልክ ነሽ። ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ ሲሆን ቀለም አይለየውም። እኔ ያን ጊዜ `Red`ን ነው የምመርጠው፣ ሰማያዊ ሁሉ ይጠቁራል፣ ግን እስክሪብቶው ከመስመሩ ስለሚደምቅ ልዩነቱ በመጠኑ ይሰፋል። የቀዩ የኅዳግ መስመርም ይጠፋል። የሳልስ ጭረት ግን መስመሩ ላይ ካረፈች አሁንም ችግር ነው፣ ለዚህ መላ ያገኘ ካለ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።

ኮዬ ኮንዶሚኒየም

ለምን በድምፅ አያነበውም? ጂቦርድ ላይ ማይክሮፎኑን ተጭኖ በአማርኛ መናገር ይቻላል። ጽሑፉን ማንበብ የሚችል ሰው ካለ ካሜራም ማጣሪያም አያስፈልግም።

ካራ ተያቢ

ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለረጅም ውሳኔ እኔም እጠቀምበታለሁ። ስምና የብር መጠን ላይ ግን አላምነውም፣ እነሱን በእጄ ነው የምተይበው።

የእድር ጸሐፊ፣ ቱሉ ዲምቱ

ገጾቹን እንደገና አነሳኋቸው። በጥቁር የተጻፉት ላይ `Blue` ሳደርግ «ሸራ ሊገዛ ቢታሰብም» ልክ ሆኖ ወጣ። ሌላውም በጣም ተሻሽሏል፣ ግን ያለ እርማት የሚሄድ ገጽ የለም። በተለይ አንደኛው ጸሐፊ ፊደል እያያያዘ ነው የሚጽፈው፣ የሱ ገጽ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ሰማያዊዎቹም ብዙም ፈቀቅ አላሉም።

አያት ሕትመት

የተያያዘውን ማጣሪያ አያድነውም። ፕሮግራሙ አንዱ ፊደል የት እንደሚያልቅ አያውቅም። የዚያ ጸሐፊ ገጽ በመቶዎች የሚቆጠር ከሆነ ትራንስክሪበስ በሚባለው የእጅ ጽሑፍ ማንበቢያ ፕሮግራም ለእሱ እጅ ብቻ ማሠልጠን ይሞከራል፣ ግን ለዚያ ከ5,000 እስከ 15,000 ቃል አስቀድሞ በእጅ መተየብ ይመከራል። ለጥቂት ገጽ ብለህ አትጀምረው፣ ለእህታችን ስጣት።

ለፍተሻ ደግሞ ይህን አድርግ። የወጣውን ጽሑፍ ክፈትና `Ctrl+F` ብለህ «ሊ»ን፣ ከዚያ «ቢ»ን ፈልግ። በአንድ ሙሉ ገጽ ቃለ ጉባኤ ውስጥ «ሊ» ከሌለ ወይም አንድ ሁለት ብቻ ከሆነ ጭረቶቹ ጠፍተዋል፣ ያን ገጽ ከማረም እንደገና ማንሳት ይቀላል። በርከት ብለው ካሉ እርማት ይበቃዋል።

የእድር ጸሐፊ፣ ቱሉ ዲምቱ

እንግዲያው ጥቁሮቹን እኔ እሠራለሁ፣ ሰማያዊዎቹንና የተያያዘውን ወደ ካራ አመጣለሁ። እህቴ፣ ዋናውን መዝገብ ከእድሩ ማውጣት አይፈቀድልኝም፣ ከፎቶው ትተይቢያለሽ?

ካራ ተያቢ

እተይባለሁ፣ አንዱን ገጽ ለብቻ አንስተህ በፋይል ላክልኝ። የአባላቱን ስም ዝርዝር አብረህ ላክ፣ ስሙን ከዚያ እያየሁ ነው የማረጋግጠው። ከዛሬ ጀምሮ የምትጽፈውን ደግሞ በጥቁር እስክሪብቶ፣ አንድ መስመር እየዘለልክ ጻፈው።