የ10 ላፕቶፕ ፕሮፎርማ፦ ረቂቅ ደብዳቤው ላይ ያላችሁን በሉ

ሥራ አስኪያጅ፦
ረቂቁ ይኸው። ሰኞ ጠዋት ፒያሳ ላሉት ሦስት አቅራቢዎች ማህተም ተመትቶበት ይሄዳል።
«ጉዳዩ፦ ፕሮፎርማ እንዲላክልን ስለመጠየቅ። ማኅበራችን ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ የሆነ 10 ላፕቶፕ ከነቦርሳው መግዛት ስለሚፈልግ፣ ዋጋውንና ዝርዝር መግለጫውን በታሸገ ፖስታ እንድታቀርቡልን እንጠይቃለን።»

ገንዘብ ያዥ፦
«ከነቦርሳው» የሚለው ይውጣ። ባለፈው አምስት ቦርሳ ተረክበን ዛሬ ያለው ሁለት ነው። ሦስቱ የት እንደገቡ የሚያውቅ ያውቃል።

አዘዞ ቅርንጫፍ፦
እትዬ፣ እኔን ከሆነ በግልጽ ይበሉኝ። የኔ ቦርሳ ዚፑ በሦስት ወሩ ተበጥሶ ነው የጣልኩት። ላፕቶፑን በፌስታል ይዤ ባጃጅ ልሳፈር?

ገንዘብ ያዥ፦
ስም አልጠራሁም።

አዘዞ ቅርንጫፍ፦
መጥራት አያስፈልግም። ከቢሮ ውጭ ላፕቶፕ ይዞ የሚወጣው እኔ ብቻ ነኝ።

ኮምፒውተር ክፍል፦
ቦርሳውን ስትጨርሱ ይሄን አንብቡት። ባለፈውም «ኮር አይ ፋይቭ» ብለን ጻፍን፣ የመጣልን i5-6300U ነው። ከሰረዙ ቀጥላ ያለችው 6 ስድስተኛ ትውልድ መሆኑን ትናገራለች። አቅራቢው አልዋሸም፣ የጠየቅነውን ሰጠን። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ስለዚህ «12ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ፣ የፕሮሰሰሩና የላፕቶፑ ሙሉ የሞዴል ቁጥር ይጻፍ» ይባል።

ኦዲት ኮሚቴ፦
ዋናው አይ ስሪ እንዳይሸጡልን ነው። አይ ፋይቭ ቢያረጅም ከአይ ስሪ ይሻላል።

ኮምፒውተር ክፍል፦
እኩል ዘመን ላይ ከሆኑ አዎ። i3-1215U ግን 6 ኮር አለው፣ የኛ አሮጌው አይ ፋይቭ 2።

አባል፦
የልጄ ላፕቶፕ አማርኛ አልጽፍ ብሏል። እሱም በዚሁ ደብዳቤ ይታይልኝ?

ገንዘብ ያዥ፦
አይታይም። ስለ ቦርሳው ገና አልጨረስንም። አቅራቢ ቦርሳ በነፃ አይሰጥም፣ ዋጋው ውስጥ ይከተዋል።

አዘዞ ቅርንጫፍ፦
እንግዲያው ለብቻው ዋጋ ይጻፍለትና እንየው። እኔ ከኪሴ ልግዛ ካላችሁም ይነገረኝ።

ኦዲት ኮሚቴ፦
ሁለት ቀን በቦርሳ! ቫቱን ማን አነሳ? ባለፈው አንዱ 40,000 ብር ብሎ ቀረበ፣ ሌላው 44,000። ርካሹን መረጥን ብለን ፈረምን። የመጀመሪያው ቫት ያልገባበት ነበርና 15 በመቶ ሲጨመርበት 46,000 ሆነ። በአንድ ላፕቶፕ 2,000 ብር አስበልጠን የከፈልነው አንድ ቃል ስላልጻፍን ነው። «ቫትን ጨምሮ» ይግባ።

ሥራ አስኪያጅ፦
ይገባል። ዋጋው የሚጸናበትስ? ብር በገበያ ከተተወ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ሦስት ቀን ብለው የሚጽፉ አሉ። ቦርዱ የሚሰበሰበው በ15 ቀን ነው፣ እስኪፈረም ፕሮፎርማው ይሞታል።

ገንዘብ ያዥ፦
20 ቀን በሉ።

ኦዲት ኮሚቴ፦
20 ቀን ካልን ሥጋታቸውን ዋጋው ላይ ይጭኑታል። ቦርዱ አስቀድሞ ለኮሚቴው ውክልና ይስጥ።

ሥራ አስኪያጅ፦
ቦርዱ ውክልና ሲሰጥ አይቼ አላውቅም።

ኮምፒውተር ክፍል፦
«አዲስ» የሚለው ቃልም የለበትም። ስላሽ ጠርገው በካርቶን ያመጡልናል። ርክክብ ላይ እያንዳንዱን ከፍተን ይቺን እንጻፍ፦

```
powercfg /batteryreport
```

በሚያወጣው ፋይል ላይ DESIGN CAPACITY እና FULL CHARGE CAPACITY ተቀራራቢ ካልሆኑ ባትሪው ሠርቷል ማለት ነው። ባትሪ የተቀየረለት ስላሽ ግን ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ የዋስትናው ጊዜ ከሴሪያል ቁጥሩ ጋር ይጻፍልን። መብራት ሲጠፋ የምንሠራው በባትሪ ነው፣ ባለፈው 40 ደቂቃ የማይሞላ ነው የገዛነው።

ወጣት አባል፦
እኔ ነገ ሱቆቹን ዞሬ ያላቸውን ሞዴል ጽፌ አመጣለሁ።

ሊቀመንበር፦
አሁን ነው ያየሁት። ቦርሳው ካልቀረ ለምን የማኅበሩ አርማ አይታተምበትም? ለጠቅላላ ጉባኤውም ያምራል። የሚጠፋም ከሆነ በአርማው ይታወቃል።

ገንዘብ ያዥ፦
ይሄ ይሻላል። አርማ ያለበትን ይዞ መካድ አይቻልም።

አዘዞ ቅርንጫፍ፦
አሁንም ወደኔ ነው። ይሁን፣ አርማው ይግባ፣ ዚፑ ግን ብረት ይሁን።

ሥራ አስኪያጅ፦
የማሳተሚያው ከዚሁ በጀት ነው የሚወጣው?

ሊቀመንበር፦
ከዚሁ። ላፕቶፑን ቀነስ አድርጉት።

ሥራ አስኪያጅ፦
ሱቅ ሊዞር የነበረው ልጅ የት ደረሰ? አራት ቀን ሆነው።

ኮምፒውተር ክፍል፦
ስልኩ ዝግ ነው።

ሥራ አስኪያጅ፦
ሰኞ አልፏል። ሁለተኛው ረቂቅ፦ «8 አዲስ ላፕቶፕ፣ 12ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ፣ ሙሉ የሞዴል ቁጥር፣ ዋጋ ቫትን ጨምሮ፣ ዋስትና በሴሪያል ቁጥር። አርማ የታተመበት ባለብረት ዚፕ ቦርሳ፣ ብዛት 10፣ ዋጋው ለብቻው።» የሚጸናበትን ቀን ባዶ ትቼዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
8 ላፕቶፕ፣ 10 ቦርሳ? ሁለቱ ቦርሳ የማን ነው?