ከሳህን የተመለሰውን ትራፊ በምክንያት መለየት አቃተኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የባህል ምግብ ቤት ውስጥ የወጥ ቤት ኃላፊ ነኝ። የምንጥለውን ምግብ በክብደትና በምክንያት እየመዘገብኩ ነው።

ሦስት ባልዲ አስቀምጠናል፦ ለዝግጅት ትራፊ፣ ሳይሸጥ ለተበላሸ፣ ከደንበኛ ለተመለሰ። ሁለቱ አላስቸገሩኝም። የሻገተ እንጀራ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

የከበደኝ ሦስተኛው ነው። ትናንት ማታ ከነባልዲው 9.8 ኪሎ መዘነ። ባዶው ባልዲ 1.2 ኪሎ ስለሆነ የተጣለው 8.6 ነው። 60 ሰው ስለተመገበ ለአንድ ሰው 143 ግራም ገደማ ይደርሳል። አጥንትና ሶፍት አስቀድመን እናወጣለን፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ ሊበላ የሚችል ምግብ ነው።

ችግሩ ከሥር የተነጠፈው እንጀራ ወጡን መጥጦ መመለሱ ነው። ክብደቱ የእንጀራው ነው ወይስ የወጡ? እንጀራው በዝቶ ከሆነ መጠኑን ቀንሼ ተጨማሪውን ሲጠየቅ አቀርባለሁ። ወጡ በዝቶ ከሆነ ግን ጭልፋውን ማሳነስ አለብኝ። መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

ያልተነካውን ጥቅል እንጀራ ለብቻ መመዘን ጀምሬአለሁ፤ እሱ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። የተነጠፈውን ደግሞ ከመቅረቡ በፊት መዝኜ ከተመለሰው ልቀንስ አሰብኩ። ደንበኛው ግማሹን ከበላው ግን ሂሳቡ አይሠራም። ረቡዕና ዓርብም ጾም ስለሆነ ሽሮው ከሥጋ ወጡ ጋር አይነጻጸርም፤ እነሱን ለይቼ ነው የምጽፈው።

እንጀራና ወጥ ለይታችሁ የመዘናችሁ ካላችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁት? ከእያንዳንዱ ትሪ ይሻላል ወይስ ጥቂት ትሪዎችን ብቻ መርጦ ወጡን ፍቆ መመዘን ይበቃል?